የቅናሽ ኮድ ቴስት ኬዝ፦ ቁጥሩን እንዴት እንምረጥ?

«ሰላም፣ የኪውኤ ሥራ ከጀመርኩ 8 ወሬ ነው። ሁለት የቅናሽ ኮድ አለን። `ENKU10` 10 በመቶ ይቀንሳል፣ `WEDAJ100` ደግሞ 100 ብር። ሁለቱም ከ1,000 ብር ጀምሮ ነው የሚሠሩት፣ አንድ ላይ መጠቀም ይቻላል፣ የሚያገለግሉት እስከ ጳጉሜ 5 ነው። 60 ቴስት ኬዝ ጻፍኩ፣ ሁሉም አለፉ። ግን ደንበኞች የተለያየ ሂሳብ ወጣብን እያሉ ነው። ምን ጎደለኝ? እህታችሁን እርዷት።»

ሰላም እህቴ። ችግሩ የኬዝ ማነስ አይመስለኝም፤ 60 እንዲያውም ይበዛል። ችግሩ የመረጥሻቸው ቁጥሮች ናቸው። ቅርጫቱን 2,000 ብር አድርገሽ ነው የሞከርሽው ብዬ እገምታለሁ። ምናልባት 500 እና 5,000ም አሉበት። ክብ ቁጥር ለሂሳብ ይመቻል፣ ስህተትን ለማጋለጥ ግን ብዙ ጊዜ አይረዳም። ጥሩ የቴስት ቁጥር ማለት ትክክለኛው ኮድ አንድ መልስ፣ የተሳሳተው ኮድ ደግሞ ሌላ መልስ የሚሰጥበት ቁጥር ነው። ሁለቱም አንድ ዓይነት መልስ ከሰጡበት ያ ቴስት ቢያልፍም ምንም አልነገረሽም።

እስቲ ወረቀት ያዥና ይህን ከእኔ ጋር ሥሪው። ቅርጫቱ 1,050 ብር ነው እንበል። አንዷ ደንበኛ መጀመሪያ `ENKU10` አስገባች። 10 በመቶው 105 ብር ነው፣ 945 ቀረ። ቀጥላ `WEDAJ100` አስገባች። አሁን ሲስተሙ «1,000 ብር ሞልቷል ወይ?» ብሎ የሚያየው የቀረውን ከሆነ፣ 945 አልሞላምና ሁለተኛው ኮድ ውድቅ ነው። 945 ብር ከፈለች። ጓደኛዋ ደግሞ ያንኑ ዕቃ ይዛ `WEDAJ100`ን አስቀደመች። 950 ቀረ፣ `ENKU10` አልሠራ አላት፣ 950 ብር ከፈለች። አንድ ዕቃ፣ አንድ ዓይነት ኮዶች፣ የ5 ብር ልዩነት።

አሁን ደግሞ ሲስተሙ የሚያየው የቀረውን ሳይሆን የመጀመሪያውን ድምር ነው እንበል። ሁለቱም ኮዶች ያልፋሉ። ግን እዚህም ቅደም ተከተሉ ዋጋ ይቀይራል። በመቶው ከቀደመ 105 ተቀንሶ፣ ከዚያ 100 ተቀንሶ 845 ይቀራል። መቶ ብሩ ከቀደመ መጀመሪያ 950 ይሆናል፣ የእሱ 10 በመቶ 95 ነው፣ 855 ይቀራል። ስለዚህ የጻፍሽልን ደንብ ሳይጣስ በአንድ የ1,050 ብር ቅርጫት ላይ አራት ዋጋ ሊወጣ ይችላል፦ 845፣ 855፣ 945 እና 950። ደንበኞችሽ የሚያወሩት ስለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

በ2,000 ብር ብትሠሪውስ? አንዱ ኮድ ቀንሶ 1,800 ወይም 1,900 ቢቀር ሁለቱም ከ1,000 በላይ ናቸው። ዝቅተኛው መጠን በቀረው ላይ ይታይ በመጀመሪያው ድምር ላይ፣ መልሱ አይለይም። ስህተቱ እዚያው ቁጭ ብሎ ቴስቱ አረንጓዴ ይሆናል። ሁለቱን አረዳድ በሁለቱም ቅደም ተከተል የሚለየው ጠባብ ክልል ከ1,000 ብር ጀምሮ 1,100 ሳይሞላ ያለው ብቻ ነው። 60ው ኬዝሽ ውስጥ ከዚህ ክልል የወደቀ ቁጥር ስንት አለ? መጀመሪያ እሱን እዪ።

ከአራቱ ዋጋዎች ትክክለኛው የትኛው ነው የሚለውን አንቺም ዴቨሎፐሩም መወሰን የለባችሁም። የሱቁ ባለቤት ወይም ፕሮዳክት የያዘው ሰው ነው የሚወስነው። ስትጠይቂ ግን «ስታኪንጉ እንዴት ነው የሚሠራው?» ብለሽ አትጠይቂ፤ «አዎ ሁለቱም አብረው ይሠራሉ» የሚል መልስ አግኝተሽ ትመለሻለሽ። አራቱን ቁጥሮች ጽፈሽ ውሰጂና «የ1,050 ብር ቅርጫት ስንት ይከፈልበት?» በያቸው። ብር ሲያዩ ሰዎች ይነቃሉ። የእኔን አስተያየት ካልሽ ዝቅተኛው መጠን በመጀመሪያው ድምር ላይ ይታይ፣ በመቶው ሁልጊዜ ይቅደም፣ ደንበኛው ኮዱን ያስገባበት ቅደም ተከተል ዋጋውን አይቀይር። ይህን ከተስማማችሁ መልሱ ሁልጊዜ 845 ነው። ለሱቁ ከ855 ይልቅ 10 ብር ይጎዳል፣ ግን ደንበኛ ደውሎ ሲጠይቅ ማስረዳት ይቻላል። ቴስቱም እንዲህ ያጥራል፣ `VALID` ያልኩት ኮዶቹ ገና የሚሠሩበትን ሰዓት ነው፦

```python
@pytest.mark.parametrize("codes", [
    ["ENKU10", "WEDAJ100"],
    ["WEDAJ100", "ENKU10"],
])
def test_code_order(codes):
    r = price(Decimal("1050"), codes, now=VALID)
    assert r.total == Decimal("845")
```

ስለ ስታኪንግ ሌላው ቶሎ የሚታለፍ ነገር ያው ኮድ ሁለት ጊዜ ሲገባ ነው። `ENKU10` እና `enku10` ለሲስተሙ አንድ ናቸው ወይስ ሁለት? ከኋላው ባዶ ቦታ ያለው `ENKU10` ስ? ሰው ኮዱን ከቴሌግራም ኮፒ ሲያደርግ ባዶ ቦታ ተከትሎት ይመጣል። ሁለት ጊዜ ከቆጠረው 1,050 ብሩ ወደ 850.50 ይወርዳል። አንድ ኬዝ ይበቃዋል፣ ግን አይቅር።

አሁን ወደ ሌላው ቀዳዳ ልምጣ። ይህ በራሴ ላይ የደረሰ ስለሆነ በደንብ ልንገርሽ። አንድ የኦንላይን ሱቅ ውስጥ ስሠራ «ጊዜው ያለፈበት ኮድ ውድቅ ይሁን» የሚል ቴስት ነበረኝ። ቅርጫቱን 500 ብር አድርጌ፣ ቀኑን ከማብቂያው አሳልፌ፣ ውድቅ መሆኑን አየሁ። አለፈ። ከወራት በኋላ አንድ ዴቨሎፐር ኮዱን ሲያስተካክል የቀኑን ፍተሻ በስህተት አወጣው። የእኔ ቴስት ግን ማለፉን ቀጠለ። ለምን? 500 ብር ዝቅተኛውን መጠን ስለማይሞላ ኮዱ በዚያ ምክንያት ውድቅ እየሆነ ነበራ! ያለቀ ኮድ ለሳምንት ያህል ሲሠራ ቆይቶ ሂሳብ ክፍል ነው ያገኘው። ያን ቀን የተሰማኝን ሐፍረት አልረሳውም።

ከዚያ ወዲህ ውድቅ መሆንን ስሞክር ሁለት ነገር አደርጋለሁ። አንደኛ፣ በአንድ ኬዝ ውስጥ አንድ ደንብ ብቻ ነው የምጥሰው። ቀኑን ልሞክር ከሆነ ቅርጫቱ 1,500 ብር ይሆናል፣ ኮዱም ትክክለኛ ይሆናል፣ ቀኑ ብቻ ያልፋል። ሁለተኛ፣ ውድቅ መሆኑን ብቻ ሳይሆን ለምን ውድቅ እንደሆነ አያለሁ። ሲስተማችሁ `EXPIRED` ወይም `BELOW_MINIMUM` የሚል ምክንያት የማይመልስ ከሆነ ዴቨሎፐሩን እንዲጨምርልሽ ጠይቂው። ለደንበኛውም ይጠቅማል፤ «ኮዱ አይሠራም» ከሚባል «120 ብር ይጎድልዎታል» ቢባል ዕቃ ጨምሮ ይገዛል።

ቴስትሽ በእርግጥ እየሠራ መሆኑን ማወቂያው ደግሞ ቀላል ነው። ዴቨሎፐሩ አጠገብ ተቀመጪና በራሱ ብራንች ላይ የቀኑን ፍተሻ መስመር ለጊዜው እንዲያጠፋው ንገሪው። ቴስቱን አስኪጂ። ቀይ የሆነ ከሌለ የቀን ቴስት የለሽም ማለት ነው፣ ስሙ ምንም ይበል። መስመሩን መልሳችሁ ደግሞ `>=` የሚለውን `>` አድርጉት። እንደገና አስኪጂ። ለሦስቱም ደንብ እንዲህ ብታደርጉ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ከ60ው ኬዝ ውስጥ የትኞቹ ሥራ እየሠሩ እንደሆነ፣ የትኞቹ ለቁጥር ብቻ እንደተቀመጡ ያኔ ታያለሽ።

ዝቅተኛው መጠን ላይ ብዙ አልቆይም፤ ግን ቃሉን ተጠንቀቂ። ያንቺ ደንብ «ከ1,000 ብር ጀምሮ» ይላል። ማስታወቂያው ግን «ከ1,000 ብር በላይ ለገዙ» ሊል ይችላል፣ እኛ ስናወራ ሁለቱን እንደ አንድ ነው የምንጠቀምባቸው። ለኮምፒውተር ግን ልዩነቱ ልክ 1,000 ብር የያዘችው ደንበኛ ናት። ስለዚህ ልክ 1,000.00 አንድ ኬዝ ነው፣ መሥራት አለበት። 999.99 ሌላ ኬዝ ነው፣ ውድቅ መሆን አለበት። ይህ ሁለተኛው ሲስተሙ ሳንቲሙን ወደ ሙሉ ብር ጠጋግቶ እንደሆነ ያጋልጣል። 1,000.01ን ብትተዪው ብዙ አይጎድልሽም። አንድ ግን ጨምሪ፦ ሳንቲም ያላቸው ብዙ ዕቃዎች ተደምረው ልክ 1,000.00 የሚመጡበት ቅርጫት። ዴቨሎፐሩ ገንዘቡን በ`float` ከያዘው ድምሩ በትንሹ ሊጎድል ይችላል። በፓይተን አሥር 0.1 በ`+` እያያያዝሽ ደምሪ፣ 0.9999999999999999 ነው የሚልሽ። ደንበኛዋ ስክሪን ላይ 1,000.00 እያየች ኮዱ «አልሞላም» ይላታል።

ሌላው፣ 1,000 ብር የምን ድምር ነው? 15 በመቶ ቫት ከተጨመረ በኋላ ነው ወይስ በፊት? ዴሊቨሪ ይቆጠራል? እዚህም የሚለየውን ቁጥር ምረጪ። ከቫት በፊት 900 የሆነ ቅርጫት ከቫት ጋር 1,035 ነው። 950 ብር ዕቃ ከ100 ብር ዴሊቨሪ ጋር 1,050 ነው። እነዚህን ሁለት ቅርጫቶች ይዘሽ ጠይቂ፣ የተሰጠሽን መልስ ኬዝ አድርጊው።

ቀኑ ላይ ግን መቆየት አለብን። አገራችን ውስጥ ቀን ላይ የሚሳሳት ሰው ብዙ ነው፣ ምክንያቱም መንገዱ ረጅም ነው። የማርኬቲንጉ ልጅ «እስከ ጳጉሜ 5» ብሎ ይጽፋል። አንድ ሰው ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ይቀይረዋል። ሌላ ሰው አድሚን ፓነሉ ላይ ያስገባዋል። ሰርቨሩ ደግሞ በዩቲሲ ያስቀምጠዋል፣ ከእኛ 3 ሰዓት ወደኋላ ነው። በእያንዳንዱ ቅብብል አንድ ነገር ሊጠፋ ይችላል።

የ2018ን ጳጉሜ 5 እንውሰድ። በፈረንጆች ሴፕቴምበር 10 ቀን 2026 ነው። ደንበኛው «እስከ ጳጉሜ 5» ሲባል የሚገባው ያ ቀን ሙሉውን እንደሚሠራ ነው፣ የዕንቁጣጣሽ ዋዜማ ገበያ ደግሞ የሚደምቀው ማታውን ነው። ስለዚህ ኮዱ የሚያበቃው ጳጉሜ 5 አልቆ መስከረም 1 ሲገባ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው፣ ማለትም፦

```text
expires_at = 2026-09-10T21:00:00Z
```

ከዚህ ሰዓት በፊት ይሠራል፣ ሰዓቱ ልክ ሲሞላ አይሠራም። አሁን ሁለቱን የተለመዱ ስህተቶች እዪ። የመጀመሪያው `2026-09-10` ተብሎ ቀኑ ብቻ ሲገባና ሲስተሙ የቀኑን መጀመሪያ በዩቲሲ ሲወስድ ነው። ያኔ ኮዱ የጳጉሜ 5 ንጋት ሳይደርስ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይሞታል። ደንበኛው ልክ 21 ሰዓት ያጣል። ሁለተኛው ስህተት የቀኑን መጨረሻ በዩቲሲ መውሰድ ነው። ያኔ ደግሞ ኮዱ መስከረም 1 ሳይነጋ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ድረስ፣ 3 ሰዓት ትርፍ ይኖራል።

«አንድ ሳምንት ካለፈው በኋላ ውድቅ ይሁን» የሚል ቴስት ሁለቱንም አይዝም። የሚይዙት እነዚህ ናቸው። ጳጉሜ 5 ማታ 4 ሰዓት፣ መሥራት አለበት፤ የመጀመሪያውን ስህተት ያጋልጣል። መስከረም 1 ሳይነጋ ከሌሊቱ 7 ሰዓት፣ ውድቅ መሆን አለበት፤ ሁለተኛውን ያጋልጣል። ከዚያ ልክ ጠርዙን ሁለት ኬዝ፦ `20:59:59Z` ይሠራል፣ `21:00:00Z` አይሠራም። አራት ኬዝ ብቻ፣ ቀኑን በደንብ ይሸፍናል። ይህን ለማድረግ ግን ሰዓቱን ከውጭ መስጠት መቻል አለብሽ፣ ከላይ ቴስቱ ውስጥ `now=` ያልኩት ለዚህ ነው። ኮዱ ውስጥ በቀጥታ የሰርቨሩን ሰዓት የሚጠራ ከሆነ ወይ ሌሊት መጠበቅ ወይ የማሽኑን ሰዓት መቀየር ልትገደጂ ነው፣ ሁለቱም አያዛልቅም።

የሰዓት አቆጣጠራችን ሌላ ወጥመድ አለው። «እስከ ጳጉሜ 5 ሌሊት 6 ሰዓት» የሚል መልእክት ቢደርስሽ የትኛው ሌሊት ነው? ወደ 5 የሚያስገባው ወይስ ከ5 የሚያስወጣው? እኔ የጠየቅኳቸው ሰዎች ሁለቱንም መልሰውልኛል። በዚያ ላይ ያንን «6 ሰዓት» አድሚን ፓነሉ ላይ `06:00` ብሎ የሚያስገባ አይጠፋም፣ ያ ደግሞ የእኛ ጠዋት 12 ሰዓት ነው። ስለዚህ ከፓነሉ በኩልም አንድ ኬዝ ይኑርሽ፦ የገባው ሰዓት ተመልሶ ሲነበብ በእኛ አቆጣጠር ምን ይላል? በ2019 ደግሞ ጳጉሜ 6 ቀን አላት። «እስከ ዓመቱ መጨረሻ» የሚል ቅናሽ በ2018 ከሠራው ቀን ኮፒ ከተደረገ የ2019 ጳጉሜ 6 ደንበኞች ይቀሩበታል።

ደንበኞቻችሁ ውስጥ ዋሽንግተን ሆነው ለቤተሰብ የበዓል ዕቃ የሚያዙ ካሉ አንድ ኬዝ ጨምሪ። የእኛ ሌሊት 6 ሰዓት እዚያ በመስከረም ወር ገና ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ነው፣ ቀኑም ገና ጳጉሜ 5 ነው። የስልካቸው ሰዓት ምንም ቢል ውሳኔው የሰርቨሩ መሆን አለበት። ማብቂያውን ስክሪን ላይ የምታሳዩ ከሆነም «በአዲስ አበባ ሰዓት» የሚል ይጨመርበት።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ኮዱ በገባበት ቅጽበት ያለውን ነው። ቅርጫት ግን ከዚያም በኋላ ይለዋወጣል፣ እኔ ካየኋቸው ውስጥ ብር ያስወጡት ስህተቶች የሚበዙት እዚህ ነው። የ700 ብር ቦርሳና የ300 ብር ቀበቶ ያዝሽ። ልክ 1,000 ነው፣ `ENKU10` ሠራ፣ 900 ሆነ። አሁን ቀበቶውን አውጪው። ዋጋው 700 መሆን አለበት፣ ኮዱም «ዝቅተኛውን መጠን ስለማይሞላ ተነሥቷል» የሚል መልእክት ይዞ መውረድ አለበት። ሲስተሙ ደንቡን ኮዱ ሲገባ ብቻ የሚያይ ከሆነ ግን 630 ያወጣል። እንዲያውም የመጀመሪያውን የ100 ብር ቅናሽ እንደ ቁጥር አስቀምጦ ከሆነ 600 ያወጣል። 700፣ 630፣ 600፤ የወጣው ቁጥር ራሱ ስህተቱ የት እንዳለ ይነግርሻል። ቀበቶውን ስትመልሺውስ ቅናሹ ራሱ ይመለሳል ወይስ ኮዱን እንደገና ማስገባት ያስፈልጋል? ሁለቱም ያስኬዳል፣ ግን አንዱ ተጽፎ ይቀመጥ።

ሰዓቱም እንዲሁ። ደንበኛዋ ኮዱን ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከ58 አስገባች፣ «ክፈል» የሚለውን የነካችው 6 ሰዓት ከ1 ላይ ነው። ክፍያው በቴሌብር ወይም በባንክ ሲሆን ደግሞ ማረጋገጫው ወደ እናንተ ሰርቨር ትንሽ ዘግይቶ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ሦስት ሰዓት አለ፦ ኮዱ የገባበት፣ ትዕዛዙ የተላከበት፣ ክፍያው የተረጋገጠበት። እኔ ትዕዛዙ የተላከበት እንዲቆጠር ነው የምመክረው። ኮዱ የገባበት ከተቆጠረ ሰው ዛሬ አስገብቶ ከሳምንት በኋላ ሊከፍል ይችላል። ማረጋገጫው ከተቆጠረ ደግሞ 900 ብር ከከፈለች በኋላ 1,000 ነበር ልትባል ነው፣ ያ ጠብ ነው። ኬዙ እንዲህ ይሁን፦ ትዕዛዙ `20:59:50Z` ላይ ተላከ፣ ማረጋገጫው `21:00:20Z` ላይ ደረሰ፣ ቅናሹ ጸንቶ መቆየት አለበት።

እነዚህን ስትደምሪያቸው 20 ገደማ ኬዝ ነው የሚሆነው። 60ውን በአንዴ አትጣዪው፤ ከላይ እንዳልኩት ፍተሻውን እያስጠፋሽ የትኛው ቀይ እንደሚሆን እዪና የማይነቃነቁትን ቀስ በቀስ አውጫቸው። ዛሬ ግን በ1,050ው ቅርጫት ጀምሪ፣ ደንበኞችሽ እየጮሁ ያሉት እዚያ ላይ ነውና።

አንድ ነገር ደግሞ ከሱቁ ባለቤት ጋር ስትቀመጪ አብረሽ ጠይቂልኝ። ያቺ 900 ብር ከፍላ ቦርሳና ቀበቶውን የወሰደችው ደንበኛ በማግሥቱ ቀበቶውን መለሰች። ቀበቶው በቅናሹ 270 ብር ነበር የወጣባት። ግን ቀበቶው ባይኖር ኮዱ አይሠራላትም ነበር፣ ቦርሳው ብቻውን 700 ያስከፍላት ነበር። የሚመለስላት 270 ነው ወይስ 200? ኮድ ውስጥ አንዱ መልስ አሁንም ተጽፏል፣ ማንም ሳይወስነው።